ለሳሎኑ ስንት ፍሬ ዞኮሎ ይበቃል? ግድግዳ በግድግዳ እንቁጠረው

የእህቴን ሳሎን ዞኮሎ የገዛሁት በአንድ ማካፈል ነበር። የክፍሉን ዙሪያ ለካሁ፣ በሮቹን ቀነስኩ፣ የቀረውን ለአንዱ ፍሬ ርዝመት አካፈልኩ። 6 ፍሬ ይበቃል አለኝ ስሌቱ። 6 ፍሬ ገዝቼ መጣሁ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ከበረንዳው በር አጠገብ ያለው ግድግዳ ባዶውን ቀረ። መሬት ላይ ቁርጥራጭ ሞልቷል፣ ለዚያ ግድግዳ የሚሆን ግን አንድም የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሱቁ ስመለስ ያንኑ ዓይነት አገኘሁ፣ ነጩ ግን ሌላ ነጭ ነበር። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ፊት ለፊት ይታያል።

አናጢው ያኔ ያለኝን አልረሳውም። «ሁለተኛ ስትገዛ ዙሪያውን አትንገረኝ። ግድግዳ ግድግዳውን ንገረኝ።» ይህ መመሪያ በሙሉ የዚያች አባባል ማብራሪያ ነው። የምሠራበት ምሳሌም ያው ሳሎን ነው። ዞኮሎው ኤምዲኤፍ ነው፣ ውፍረቱ 1.5 ሳንቲ ሜትር። ስከርቲንግ የሚሉትም አሉ፣ ያው ነው።

1. ክፍሉን ሣሉ፣ ከበሩ ጀምራችሁ ዙሩ

ወረቀት ላይ የክፍሉን ቅርጽ ሣሉ። ውብ መሆን የለበትም። ከመግቢያው በር ተነሱና ወደ አንድ አቅጣጫ ግድግዳውን ተከትላችሁ ዙሩ። ዞኮሎ በሚቋረጥበት ወይም በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ አንድ ቁራጭ አለቀ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ስጡት።

የእኛ ሳሎን 460 በ355 ሳንቲ ሜትር ነው። መግቢያ በር አለው፣ የበረንዳ በር አለው፣ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ 20 በ20 ወደ ውስጥ የወጣ ኮለን አለው። ስንዞር ይህን አገኘን፦

- ቁጥር 1፦ ከመግቢያው በር እስከ ጥጉ፣ 18 ሳ.ሜ.
- ቁጥር 2፦ ረጅሙ ግድግዳ፣ 460
- ቁጥር 3፦ እስከ በረንዳው በር፣ 125
- (የበረንዳው በር፣ 100)
- ቁጥር 4፦ ከበረንዳው በር እስከ ጥጉ፣ 130
- ቁጥር 5፦ ሁለተኛው ረጅም ግድግዳ እስከ ኮለኑ፣ 440
- ቁጥር 6 እና 7፦ የኮለኑ ሁለት ፊቶች፣ 20 እና 20
- ቁጥር 8፦ ከኮለኑ እስከ መግቢያው በር፣ 213
- (መግቢያው በር ከነክፈፉ፣ 104)

የቁራጮቹ ድምር 1426 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ማለትም 14.26 ሜትር። ትክክል መሆኑን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። የክፍሉ ዙሪያ 16.30 ሜትር ነው። ሁለቱን በሮች፣ 1.00 እና 1.04፣ ስንቀንስ 14.26 ይመጣል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ ግድግዳ ተዘሏል ወይም ሁለቴ ተለክቷል።

ስለ ኮለኑ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። ጥግ ላይ ያለ ኮለን የዙሪያውን ርዝመት አይጨምርም። ከሁለቱ ግድግዳዎች የወሰደውን 20 እና 20 በራሱ ፊቶች መልሶ ይሰጣል። የሚጨምረው ቁራጭና ቆረጣ ነው። ግድግዳ መሐል ላይ የወጣ ኮለን ግን ርዝመትም ይጨምራል፣ ወደ ውስጥ የወጣውን ያህል ሁለት ጊዜ። 12 ሳንቲ ሜትር ከወጣ 24 ጨምሩ።

የበረንዳው በር አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ፍሬሙ ከግድግዳው ፊት ጋር እኩል ከሆነ ዞኮሎው እዚያው ያልቃል። የእኛ እንደዚህ ነው። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተተከለ ከሆነ ግን ዞኮሎው ታጥፎ እስከ ፍሬሙ መግባት አለበት። በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ ቁራጮች ተጨመሩ ማለት ነው።

2. ከወለሉ ላይ ለኩ

ልስን ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ታች ላይ ብዙ ጊዜ ያብጣል ወይም ይጎድላል። ቆሞ በደረት ከፍታ የተለካ ግድግዳ ወለል ላይ ሲደርስ ግማሽ ወይም አንድ ሳንቲ ሜትር ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ተንበርክካችሁ፣ ዞኮሎው በሚያርፍበት ከፍታ ለኩ። በፕላኑ ላይ የተጻፈውን ልክ አትመኑ። ፕላኑ ላይ ያለው ልስን ያልገባበት ሊሆን ይችላል።

ሜትሩ ጥግ ላይ ሲደርስ ይታጠፋል፣ ቁጥሩም በግምት ይነበባል። ስህተቱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ለቁጥር 2 ከአንዱ ጥግ ተነስታችሁ 200 ላይ በእርሳስ ወለሉን ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከሌላው ጥግ እስከ ምልክቱ ለኩ። 260 ካለ ግድግዳው 460 ነው። በሁለቱም ጊዜ የሜትሩ ጫፍ ጥጉን ይነካል፣ የታጠፈ ሜትር አታነቡም።

መግቢያው በር ላይ የሚለካው የበሩ መክፈቻ አይደለም። ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ስንጥቅ የሚሸፍነው ጠፍጣፋ እንጨት አለ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ክፈፍ እለዋለሁ። ዞኮሎ የሚቆመው እሱ ጋ ነው። የእኛ ክፈፍ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ 90 ነው። የክፈፉ ስፋት በግራ 7፣ በቀኝ 7 ነው። ከውጭ እስከ ውጭ 104 የሆነው ለዚህ ነው።

3. ቆረጣ የሚበላውን ጨምሩ

እስካሁን ያለን የግድግዳው ልክ ነው። የሚገዛው እንጨት ልክ ከዚህ ይበልጣል፣ በጥቂት ምክንያቶች።

የመጀመሪያው ወደ ውጭ የወጣ ጥግ ነው። ክፍሉ ጥግ ውስጥ፣ ሁለት ግድግዳ በሚገናኝበት፣ በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ ረጅሙ ጎን ግድግዳውን የሚነካው ጀርባው ነው። ስለዚህ የግድግዳውን ልክ መውሰድ ይበቃል። የኮለኑ ውጭ ጥግ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ረጅሙ ጎን ፊቱ ነው፣ ከግድግዳው በዞኮሎው ውፍረት ያህል ያልፋል። ስለዚህ ቁጥር 6 እና 7 እያንዳንዳቸው 20 ሳይሆኑ 21.5 ይፈልጋሉ። ቁጥር 6ን በ20 የቆረጠ ሰው ኮለኑ ጥግ ላይ ጣት የሚገባበት ክፍተት ይገጥመዋል።

ሁለተኛው ቅጥያ ነው። ከአንድ ፍሬ የሚረዝም ግድግዳ ሁለት ቁራጭ ይፈልጋል። ሁለቱን ቀጥ አድርጎ ቆርጦ ጫፍ ለጫፍ ማጋጠም አይመከርም። እንጨቱ ትንሽ ሲሸሽ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ይከፈታል። በ45 ዲግሪ አንዱ በሌላው ላይ እንዲተኛ ይቆረጣል። ይህ ለእያንዳንዱ ቅጥያ ውፍረቱን ያህል፣ 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ ይበላል።

ሦስተኛው የፍሬው ጫፍ ነው። በመጫንና በማውረድ የተመታ ጫፍ አይገጥምም። ከእያንዳንዱ ፍሬ በሁለቱ ጫፍ በድምሩ 2 ሳንቲ ሜትር እንደማይጠቅም ቁጠሩ። ባለ 240 ፍሬ ለኛ 238 ነው፣ ባለ 300 ደግሞ 298። መጋዙ ራሱ በአንድ ቆረጣ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። ብዙ አይደለም፣ ግን እቅዱን እስከ መጨረሻዋ ሚሊ ሜትር አታጣብቁት።

አሁን የኔን 6 ፍሬ እንመልከት። 6 ፍሬ ባለ 240 ማለት 14.40 ሜትር ነው። ግድግዳው 14.26 ነው። ኮለኑ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለቱ ቅጥያዎች 3 ሳንቲ ሜትር፣ የስድስቱ ፍሬ ጫፎች 12 ሳንቲ ሜትር ይጨምራሉ። ድምሩ 14.44 ሆነ። መጋዙን ሳንቆጥር እንኳ አልፏል። እያንዳንዷን ብጣሽ ብቀጥል እንኳ 6 ፍሬ አይበቃም ነበር።

4. የመቁረጫ እቅድ ሥሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፣ ጊዜ ስጡት። እያንዳንዱን ፍሬ ወረቀት ላይ እንደ መስመር ሣሉና ቁራጮቹን ደልድሉበት። ሁልጊዜ ከረጅሙ ቁራጭ ጀምሩ። ትናንሾቹ ከትርፍ ይወጣሉ። ከትንሹ የጀመረ ሰው ግን ሙሉ ፍሬዎቹን ይቆራርጥና ለረጅሙ ግድግዳ ሲደርስ ሁለት ሦስት ቅጥያ ይገባበታል።

መጀመሪያ ባለ 240ውን እንሞክር። ቁጥር 2 ለሁለት ይከፈላል፦ 238 እና 223.5። ቁጥር 5ም እንዲሁ፦ 238 እና 203.5። አራት ፍሬ አለቀ። ቁጥር 8፣ 213፣ አምስተኛውን ይወስዳል። የሚተርፈው 25 ለቁጥር 1 ይሆናል። ቁጥር 4፣ 130፣ ከስድስተኛው ይወጣል፣ የሚተርፈው 108 ነው። ቁጥር 3 ደግሞ 125 ነው። 108 ለ125 አይሆንም። ስለዚህ ሰባተኛ ፍሬ ይከፈታል። ከዚያ ትርፍ ላይ ቁጥር 6 እና 7 ይቆረጣሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ትልልቅ ቁራጮች፣ 108 እና 70 ገደማ፣ ሥራ ፈተው ይቀራሉ።

አሁን ባለ 300ውን እንየው።

- 1ኛ ፍሬ፦ የቁጥር 2 ረጅም ክፍል፣ 298
- 2ኛ ፍሬ፦ የቁጥር 2 ቀሪ፣ 163.5፣ እና ቁጥር 4፣ 130። ድምር 293.5
- 3ኛ ፍሬ፦ የቁጥር 5 ረጅም ክፍል፣ 298
- 4ኛ ፍሬ፦ የቁጥር 5 ቀሪ፣ 143.5፣ ቁጥር 3፣ 125፣ እና ቁጥር 1፣ 18። ድምር 286.5
- 5ኛ ፍሬ፦ ቁጥር 8፣ 213፣ እና የኮለኑ ሁለት ቁራጮች፣ 43። ድምር 256

አምስት ፍሬ፣ 15 ሜትር። በባለ 240ው 7 ፍሬ፣ 16.80 ሜትር። ክፍሉ ያው ነው፣ የቅጥያዎቹ ቁጥርም ያው ሁለት ነው። የተለወጠው የፍሬው ርዝመት ብቻ ነው፣ 1.80 ሜትር ግን ተረፈ። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋውን ሳይሆን ርዝመቱን ይሁን። ሻጩ የነገራችሁንም በሜትራችሁ አረጋግጡ። ከዚያ እቅዱን ሠርታችሁ የጠቅላላውን ዋጋ አወዳድሩ። የአንዱ ፍሬ ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

«10 በመቶ ጨምር» የሚለውን ምክርም ታውቁታላችሁ። ለመጠባበቂያ ክፋት የለውም። ነገር ግን 10 በመቶ በሩ የት እንዳለ አያውቅም። ቁጥር 3 ከስድስተኛው ፍሬ ትርፍ በ17 ሳንቲ ሜትር እንደሚበልጥ አያውቅም። እኔ የማደርገው እቅዱን ከሠራሁ በኋላ አንድ ሙሉ ፍሬ መጨመር ነው። ለዚህ ሳሎን 6 ፍሬ ባለ 300 እገዛለሁ። ስድስተኛው የተሳሳተ ቆረጣ ማረሚያ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ እሽግ ግዙ። ሱቁ ያልተነካ ፍሬ መልሶ ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

5. ቅጥያው የት ይውደቅ?

ቅጥያ የግድ ከሆነ ቦታውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ረጅሙን ቁራጭ ከየትኛው ጥግ እንደምትጀምሩ ቅጥያውን ያንቀሳቅሰዋል። ቁጥር 5 ላይ ሶፋ ይቆማል፣ እዚያ ግድ የለም። ቁጥር 2 ግን ባዶ ግድግዳ ነው። ከበረንዳው በር የሚመጣው ብርሃን በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ያልፋል፣ ትንሿን እብጠትም ያወጣታል። ስለዚህ 298ቱን ከበረንዳው ጥግ ጀመርኩ። ቅጥያው ከብርሃኑ ራቀ፣ ከመግቢያው ጥግ 162 ላይ ወደቀ።

የ45 ዲግሪው አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል። ከበሩ የሚገባ ሰው ወደ በረንዳው ነው የሚያየው። ለበሩ የቀረበው ቁራጭ ከራቀው ላይ እንዲተኛ አድርጉ። ስንጥቁ በጊዜ ብዛት ትንሽ ቢከፈት እንኳ የሚገባው ሰው ዓይን ውስጡን አያገኘውም። በተቃራኒው ከቆረጣችሁት በሩ ላይ የቆመ ሁሉ ጥቁሯን መስመር ያያታል።

6. የበሩን ክፈፍ ለብቻው አስሉ

ክፈፉን ከዞኮሎው ጋር አንድ ላይ ደምሮ ማካፈል አይሠራም። ስፋቱም ቅርጹም ይለያል። ደግሞም በር ሁለት ፊት አለው፣ የሳሎኑና የኮሪደሩ። ብዙ ሰው የኮሪደሩን ይረሳል።

በእኛ በር ከወለል እስከ ክፈፉ የውስጥ ጠርዝ 210 ነው። ላይ በ45 ዲግሪ ሲገናኙ የቋሚው ውጭ ጎን የክፈፉን ስፋት ያህል ይረዝማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቋሚ 217 ነው። የላይኛው አግዳሚ ከጫፍ እስከ ጫፍ 104 ነው። ለሁለቱ ፊት አራት ቋሚና ሁለት አግዳሚ ያስፈልጋል።

በባለ 240 አራቱ ቋሚዎች አራት ፍሬ ይወስዳሉ። ሁለቱ አግዳሚዎች 208 ናቸው፣ ከአንድ ፍሬ ይወጣሉ። አምስት ፍሬ በቃ። ባለ 300 ብትገዙስ? ከቋሚው በኋላ የሚተርፈው 81 ነው፣ አግዳሚው 104። አይሆንም። አሁንም አምስት ፍሬ ነው፣ ግን በእያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ተጨማሪ ከፍላችሁ። ለዞኮሎው ረጅሙ ይሻላል ብለን፣ ለክፈፉ አጭሩ ተሻለ። ለዚህ ነው ለየብቻ አስሉ የምለው።

ስትገዙ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ውፍረታቸውን እዩ። ክፈፉ ከዞኮሎው እኩል ወይም ወፈር ያለ መሆን አለበት። ዞኮሎው ከበለጠ ጫፉ ከክፈፉ አልፎ ይወጣል፣ የተቆረጠው የኤምዲኤፍ ሆድ ይታያል። በስቱኮና በቀለም መሸፈን ይቻላል፣ ግን መጥረጊያ በነካው ቁጥር ይላጣል።

7. የቆረጣው ቅደም ተከተል

ክፈፉ ቀድሞ ይተከላል። ከዚያ የረጅም ግድግዳዎቹ ቁራጮች፣ ከዚያ ቁጥር 3 እና 4። በሁሉም ላይ የምትለኩት ጀርባውን ነው፣ ግድግዳውን የሚነካውን። ልኩን ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉ፣ የግድግዳውን ቁጥርም ጨምሩበት። 45ቱ በየት በኩል እንደሚያጋድል በቀስት አመልክቱ። በተሳሳተ አቅጣጫ የተቆረጠ ቁራጭ ልኩ ትክክል ሆኖ ቦታው ላይ አይገባም።

ከመቁረጥ በፊት ጥጎቹን ፈትኑ። ከጥጉ ተነስታችሁ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ላይ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 100 ከሆነ ጥጉ ቀጥ ያለ ነው፣ 45 ይሠራል። 101 ከሆነ ጥጉ ከ91 ዲግሪ በላይ ተከፍቷል። በ45 ከቆረጣችሁ መገናኛው ፊት ለፊት ይከፈታል። ለእያንዳንዱ መጋዙን ከ45 ግማሽ ዲግሪ አካባቢ አሳንሱት። በሁለት ቁርጥራጭ እንጨት ሞክሩት፣ ሲገጥም ዋናውን ቁረጡ።

የኮለኑን ሁለት ቁራጮች ከአንድ ፍሬ ላይ ተከታትለው አውጡ። ውጭ ጥጉ ላይ ቀለሙም ቅርጹም ሳይቋረጥ ይዞራል። መጀመሪያ ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡና እየሞከራችሁ አሳጥሯቸው። የ5ኛው ፍሬ ትርፍ 40 ገደማ ስለሆነ አንድ ስህተት ይችላል።

ቁጥር 8 እና ቁጥር 1 መጨረሻ ይቆረጣሉ፣ ሁለቱም ክፈፉ ላይ ስለሚያርፉ። ክፈፉ ሲተከል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን 213 እና 18 ያኔ እንደገና ለኩ። ቁጥር 1ን በማጣበቂያ ብቻ ያዙት። 18 ሳንቲ ሜትር ኤምዲኤፍ ጫፉ ላይ ሚስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል። ማጣበቂያው እስኪይዝ ድረስ በወረቀት ፕላስተር ከግድግዳው ጋር አስራችሁ አሳድሩት።